ሦስት ብስኩት በልቶ የሚበቃው ማን ነው?

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። የእሽግ ምግብ ጀርባ ላይ የተጻፈውን በማስነበብ ግን የሚስተካከላት የለም። በጾም ወራት ከጎንደር ቆላ ድባ በሄድኩ ቁጥር ይዤላት የሄድኩትን ሁሉ ከፌስታል እያወጣች፣ አንዱን እሽግ ወደ ብርሃን ዞር አድርጋ ትሰጠኝና "ወተት አለበት?" ትለኛለች። የለበትም ካልኳት አታምነኝም። "እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው፤ ያን ጊዜም የለበትም ብለሽ አብልተሽኝ ኋላ ወተት ሆኖ ተገኘ" ትላለች። እውነቷን ነው። "የወተት ዱቄት" የሚለውን በደቃቅ ጽሑፍ መካከል ሳላየው ያለፍኩበት ቀን ነበር። ጥፋቱ ለእኔ ቢቆጠርም እሷ እስካሁን አልረሳችውም።

እንግዲህ በቤታችን እሽግ ማንበብ የተጀመረው በጾም ምክንያት ነው። ብዙዎቻችሁም ቤት እንዲሁ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ እስከ ባለፈው ሁዳዴ ድረስ እኔ የማነበው ከምን እንደተሠራ የሚዘረዝረውን ብቻ ነበር። ከጎኑ ያለውን ቁጥር የበዛበት ሰንጠረዥ ዓይኔ ዘሎት ያልፋል።

ያን ሰሞን እማዬ ራሷን እያዞራት ጤና ጣቢያ ሄዳ ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒት ታዘዘላት፤ ጨው ቀንሺም ተባለች። እኔም ነገሩን ሰምቼ ዝም አላልኩም። እማዬ በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፏን ከፈታች በኋላ ቡናዋን የምትጠጣው በጨዋማ ብስኩት ነው። ጣፋጩን አትወደውም። ስለዚህ ጎንደር ከሚገኝ አንድ ሱፐርማርኬት ገባሁና ሁለት ዓይነት የጾም ብስኩት አንስቼ ጀርባቸውን አገላበጥኩ። በአንደኛው ላይ ከሶዲየም ትይዩ 7 በመቶ ይላል፤ በሁለተኛው ላይ 9 በመቶ። ሶዲየም ማለት የጨው አንዱ አካል፣ ግፊትን የሚጨምረውም እሱ መሆኑን አውቃለሁ። ሰባት ከዘጠኝ ያንሳል። ባለ ሰባቱን በካርቶን ገዝቼ፣ ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ በሚኒባስ ቆላ ድባ አደረስኩላት። "ይህን ብዪ፤ ጨው የለውም ማለት ይቻላል" ብዬ ተመለስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ካርቶኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። እማዬ በየቀኑ አንድ አንድ እሽግ ስትበላ ከርማለች።

"ጨው የለውም ያልሽኝ ግን ይጨመጭማል" አለችኝ ቡናውን እየቀዳች። "ስንት ነው የሚለው?"

"ሰባት በመቶ።"

"ለስንቱ?"

እሽጉን አገላብጬ አየሁ። ከሰንጠረዡ አናት ላይ፣ ከሁሉም ባነሰ ፊደል ተጽፏል። "ለሦስት ብስኩት።"

እማዬ ሲኒውን አስቀመጠች። "ሦስት ብስኩት በልቶ የሚበቃው ማን ነው? ወፍ ነው?"

ያን ቀን የተሰማኝን እፍረት ማንም ሰው ቢሆን ይረዳዋል፤ የእኔ ግን ከሌላው ይብሳል። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ መክሰስ በራሪ ወረቀት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። "70 ካሎሪ ብቻ!" ብዬ በትልቁ ጽፌ፣ "በአንድ ጊዜ መጠን" የሚለውን ከግርጌ በጉንዳን ፊደል አስቀምጬዋለሁ። በአንድ እሽግ ውስጥ ያ መጠን አራት ጊዜ ነበረ። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ብልሃቱን እያወቅሁ ግን በገዛ እናቴ ላይ ሠራ።

መጀመሪያ "ለስንቱ?"

ከዚያ ወዲህ ሰንጠረዡን ስይዝ የምጀምረው ከእማዬ ጥያቄ ነው። ከአናቱ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንደኛው ሰርቪንግ ሳይዝ ነው፤ የአንድ ጊዜ መጠን እንበለው። ሁለተኛው በእሽጉ ውስጥ ያ መጠን ስንት ጊዜ እንዳለ ይናገራል። ከዚያ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ፣ ካሎሪውም ስቡም ስኳሩም ሶዲየሙም፣ የተሰላው ለዚያ ለአንዱ መጠን እንጂ ለሙሉው እሽግ አይደለም።

የእማዬ እሽግ 75 ግራም ነው። አንዱ ብስኩት 5 ግራም ስለሚመዝን በውስጡ 15 ብስኩት አለ። የአንድ ጊዜ መጠኑ 3 ብስኩት ወይም 15 ግራም ነው ይላል። ስለዚህ በእሽጉ ውስጥ አምስት መጠን አለ ማለት ነው። ለአንዱ የተጻፈው ሶዲየም 150 ሚሊ ግራም ነው። እማዬ ግን አምስቱንም ስለበላች 750 ሚሊ ግራም ወስዳለች። ወደ ገበታ ጨው ሲመለስ ሁለት ግራም ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ የሻይ ማንኪያ ሲሶ ያህል ነው። ይህ እንግዲህ ከቡና ጋር ብቻ፣ ወጡ ሳይቆጠር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው "የአንድ ጊዜ መጠን" የሚለውን "ይህን ያህል ይበሉ" የሚል የሐኪም ምክር አድርጎ ሲያየው ነው። ምክር አይደለም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት መጠኑ የሚወሰነው ሰዎች በልማድ በአንድ ጊዜ የሚበሉትን ተመልክቶ ነው። ለዚህም ነው እዚያ በ2016 ሰንጠረዡ ሲሻሻል የለስላሳ መጠጥ የአንድ ጊዜ መጠን ከ240 ሚሊ ሊትር ገደማ ወደ 360 ገደማ ከፍ ያለው። ይህን ያህል መጠጣት ጤና ስለሆነ ሳይሆን፣ ሰው የሚጠጣው ያን ያህል ስለሆነ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የአንድ ጊዜ መጠኑን አምራቹ ራሱ ሊመርጠው ይችላል፤ ነገር ግን በ100 ግራም የተሰላውን አብሮ የመጻፍ ግዴታ አለበት። የእኛ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ከሁሉም አገር የመጣ ዕቃ ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ፣ አንዱ በሦስት ብስኩት፣ ሌላው በስድስት፣ ሦስተኛው በ100 ግራም ሲናገር ታገኛላችሁ።

መቶኛው የምን መቶኛ ነው?

በሰንጠረዡ ቀኝ ጠርዝ ላይ የሚደረደረው መቶኛ "የዕለታዊ ፍጆታ መቶኛ" ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ "ከብስኩቱ ውስጥ 7 በመቶው ጨው ነው" ማለት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ሊበልጠው የማይገባ የሶዲየም ልክ አለ። በአሜሪካው ሰንጠረዥ 2,300 ሚሊ ግራም ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ገደማ። 150 ሚሊ ግራም የዚህ 7 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚለው "ሦስቱን ብስኩት ስትበሉ ለቀኑ ከተፈቀደው ላይ ይህን ያህል አነሳችሁ" ነው። አምስት ጊዜ ሲነሳ 33 በመቶ ይሆናል፤ የቀኑ ሲሶ። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ ደግሞ ጠበቅ ይላል፤ ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ይሁን ነው የሚለው።

ለማስታወስ የሚቀል አንድ መለኪያ አለ። 5 በመቶና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ለሶዲየም፣ ለተጨማሪ ስኳርና ለጠንካራ ስብ ዝቅ ያለውን፣ ለአሰርና ለብረት ደግሞ ከፍ ያለውን እንመርጣለን። ግን ይህም መለኪያ የሚሠራው የምትበሉት መጠን ላይ ነው። የእማዬ ብስኩት በሦስቱ ሲታይ ወደ ዝቅተኛው የተጠጋ ነው፤ በእሽጉ ሲታይ ከፍተኛውን አልፎ ሄዷል። ብስኩቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የተቆጠረው ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መቶኛዎቹ ወደ ታች ተደምረው መቶ አይሞሉም። እያንዳንዱ የራሱ ልክ አለው፤ የስቡ ከስብ ልክ፣ የሶዲየሙ ከሶዲየም ልክ ነው የሚወሰደው። ሁለተኛ፣ ልኩ የተቀመጠው በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ አዋቂ ነው። ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው በአሜሪካው ሥርዓት ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ የሶዲየሙ ልክ 1,500 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ስድስት ብስኩት ላይ ያለው 300 ሚሊ ግራም ለእኔ 13 በመቶ ሲሆን፣ ለትንሹ ልጅ 20 በመቶ ይሆናል። እሽጉ ላይ የሚጻፈው ግን የእኔው ነው።

አንዱ በጣሳ፣ አንዱ በቁና

ያን ቀን ለእማዬ ስለ ባለ ዘጠኙ ብስኩት ነገርኳት። "እሱ ይብሳል ብዬ ተውኩት" አልኳት። እሱስ ለስንቱ ነው የሚለው? ስትለኝ አላስታወስኩም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ሽምብራና ጤፍ ገበያ አውጥታ ሸጣለች። "አንዱ በጣሳ፣ አንዱ በቁና ሰፍሮ ዋጋ ቢነግርሽ ርካሹን ታውቂያለሽ? መጀመሪያ በአንድ መስፈሪያ ይሰፈር እንጂ" አለችኝ። አራት ዓመት ቢዝነስ ተምሬ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ጎንደር እንደተመለስኩ ሱፐርማርኬቱ ገባሁና ባለ ዘጠኙን አነሳሁ። የአንድ ጊዜ መጠኑ 6 ብስኩት፣ 30 ግራም ነው። በዚያ ውስጥ 210 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለ። እንግዲህ በአንድ መስፈሪያ እንስፈራቸው። የመጀመሪያው ብስኩት በ15 ግራም 150 ስለሆነ በአንድ ግራም 10 ሚሊ ግራም ይዟል። ሁለተኛው በ30 ግራም 210 ስለሆነ በአንድ ግራም 7 ይዟል። "7 በመቶ" የሚለው ጨዋማው፣ "9 በመቶ" የሚለው ቀለል ያለው ነበር። የገዛሁት ከሁለቱ የባሰውን ነው፤ ያውም በካርቶን።

ስሌቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። የምትፈልጉትን ቁጥር ለአንድ ጊዜ መጠኑ ክብደት አካፍሉት። በ100 ግራም ማየት ከፈለጋችሁ መልሱን በመቶ አባዙት፤ የመጀመሪያው 1,000፣ ሁለተኛው 700 ሚሊ ግራም ይሆናል። እሽጉ "3 ብስኩት" ብቻ ብሎ ግራሙን ካልጻፈ፣ የሙሉውን እሽግ ክብደት በውስጡ ላሉት መጠኖች ብዛት ብታካፍሉት ታገኙታላችሁ። ለስኳርም ለስብም ያው ነው፤ ለመጠጥ ደግሞ በግራም ፈንታ ሚሊ ሊትር።

ይህን የሚያበላሽ አንድ ነገር አለ፤ በውኃ የሚበጠበጥ ምግብ። በእሽግ የሚሸጥ የሾርባ ዱቄት አንዳንዱ ቁጥሩን የሚሰጠው ለደረቁ ዱቄት ነው፤ አንዳንዱ በውኃ ተበጥብጦ ለተዘጋጀው። ውኃው ክብደት ስለሚጨምር የተዘጋጀው በ100 ሚሊ ሊትር ሲታይ ጨው የሌለው ይመስላል። ሁለት ሾርባ ስታወዳድሩ ሁለቱም በደረቁ ወይም ሁለቱም በተዘጋጀው መሆናቸውን እዩ። ካልሆነ የሚሻለው መንገድ አንድ ሳህን ሾርባ ላይ የሚደርሰውን መጠየቅ ነው።

"ጨው" የሚለው እሽግ

ከሁለቱ ብስኩቶች ጎን ሦስተኛ ነበረ። ሰንጠረዡ በአውሮፓ ወግ የተጻፈ ነው። ሶዲየም የሚባል ቃል የለበትም፤ ጨው ነው የሚለው፣ በ100 ግራም 1.5 ግራም። ላይ ላዩን ሲታይ 1.5 ከ210 ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ግን አንዱ ግራም ነው፣ ሌላው ሚሊ ግራም፤ አንዱ ጨው ነው፣ ሌላው ሶዲየም።

ጨው ሁሉ ሶዲየም አይደለም፤ ክሎራይድ የሚባል ሌላ አካልም አለው። ጨው ተብሎ የተጻፈውን ወደ ሶዲየም ለመመለስ ለ2.5 ማካፈል ነው። 1.5 ግራም ለ2.5 ሲካፈል 0.6 ግራም ወይም 600 ሚሊ ግራም ይሆናል። አሁን ሦስቱም በአንድ መስፈሪያ ሆኑ፤ በ100 ግራም 1,000፣ 700 እና 600። ሦስተኛው ያንሳል። ዝርዝሩን ሳይ ግን የወተት ዱቄት አለበት፤ ለእማዬ እስከ ፋሲካ አይሆንም። ስለዚህ ባለ ዘጠኙን ገዛሁላት።

ሰንጠረዡ የማያየው

ባለ ዘጠኙን ይዤ ስሄድ ለእማዬ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት። አሥራ አምስት ብስኩት ብትበላ ከ750 ወደ 525 ሚሊ ግራም እንደሚወርድ፣ ስድስት ብቻ ብትበላ ግን 210 ላይ እንደሚቆም ነገርኳት። ከዚህ የገባኝ አንድ ነገር አለ፤ የተሻለውን ብስኩት መምረጡ ከሚቀንሰው ይልቅ ቁጥሩን ማሳነሱ የሚቀንሰው ይበልጣል። ብስኩቱን ሳትቀይር ባለ ሰባቱን ስድስት ብቻ ብትበላ እንኳ 300 ነው የሚሆነው።

እማዬ እስክጨርስ ሰማችኝና "ሽሮው ላይ የምጨምረውስ ተጽፎልሻል?" አለች።

አልተጻፈም። እዚህ ላይ ሰንጠረዡ ያልቅበታል። በእኛ ቤት አብዛኛው ጨው ከእሽግ አይመጣም፤ ከጨው ዕቃው በጭልፋ ጫፍ፣ ከበርበሬው፣ ከሽሮው ዱቄት ጋር አብሮ ከተፈጨው ነው የሚመጣው። ከዳቦ ቤት የምንገዛው ዳቦም ሰንጠረዥ የለውም። ስለዚህ "የቀኑን 9 በመቶ ብቻ ነው የበላሁት" የሚለው ስሌት የሚሠራው ስለ ብስኩቱ ብቻ ነው፤ የቀረው 91 በመቶ ገና ወጥ ቤት ውስጥ ይጠብቃል። የእማዬን ግፊት ብስኩት ቀይሬ አወረድኩት አልልም። መድኃኒቷን ትውጣለች፣ በቀጠሮዋ ትለካለች።

ለወጡ ግን እሷው መላ አበጀች። ጨው በእጇ መበተን ትታ በሻይ ማንኪያ መስፈር ጀምራለች፤ ለስንት ሰው እንደሆነ እየቆጠረች። "ያንቺው ወረቀት የሚለው ይህንኑ አይደል? ስንት ነው፣ ለስንቱ ነው" ትላለች።

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ብስኩቱ ሲመጣ አየኋት። ስድስት ቆጥራ በስኒ ማስቀመጫው ላይ ደረደረች። የቀረውን በቆርቆሮ ዕቃ ከታ ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ ያመጣሁላትን አዲስ እሽግ ወደ ብርሃን አዙራ ሰጠችኝ።

"ወተት አለበት?"

"የለበትም፤ ደህና አድርጌ አይቼዋለሁ።"

"ጨውስ?"

ነገርኳት።

"ለስንቱ?"